ጎማው የት ጋ ተበላ? ስለ ካምበር፣ ካስተርና ቶ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ላይ መኪና ስር መተኛት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። ስለ አላይመንት የምትጠይቁኝን ዛሬ ማታ እስከቻልኩ ድረስ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ የቪትዜ የፊት ጎማዎች ሁለቱም በውስጥ በኩል ተላጭተዋል። ከገዛኋቸው 8 ወር አልሞላም። አንድ ጋራዥ ‹ካምበር ነው፣ አሞርዛተሩ መታጠፍ አለበት› አለኝ። እሺ ልበል?»

እህቴ፣ አሞርዛተሩን ማንም ከመንካቱ በፊት መዳፍሽን ጎማው ላይ አድርጊ። ጥርሱን ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሺው፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሺው። በአንዱ አቅጣጫ እየተንሸራተተ በሌላው እንደ መጋዝ እጅሽን ከያዘሽ ጥፋቱ የቶ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ለስልሶ ውስጡ ብቻ ከሳሳ ግን ካምበርን እንጠረጥራለን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ካምበር የሚታየው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመሽ ነው። የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ካዘነበለ ክብደቱ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ የጫማውን አንድ ጎን እየረገጠ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ያ ጠርዝ ብዙ ጭነት ስለተሸከመ ቶሎ ያልቃል፣ ግን እየተንከባለለ ስለሆነ ልስልስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ቶ የሚታየው ከላይ ነው። ሁለቱ ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውጭ ከከፈቱ እያንዳንዱ ወደ ራሱ አቅጣጫ መሄድ ይፈልጋል፣ መኪናው ግን ቀጥ አድርጎ ይጎትተዋል። ስለዚህ እየተንከባለለ በጎን ይፈገፈጋል። እጅ የሚይዘውን ስለት የሚያወጣው ይህ መፈግፈግ ነው። አፍንጫቸው ወደ ውጭ ሲከፈት ውስጡ ይበላል፣ እጅሽንም የሚይዝሽ ከውጭ ወደ ውስጥ ስታሻሺ ነው። ወደ ውስጥ ሲዘጋ ሁሉም ይገለበጣል።

«እኛ የተማርነው ውስጡ ከተበላ ካምበር፣ መሀሉ ከተበላ ንፋስ በዝቷል ተብሎ ነው። ቶ መሪ ያጣምማል እንጂ ጎማ ይበላል እንዴ?»

የመሀሉን በትክክል ይዘሃል። የቶን ነገር ግን ገልብጠኸዋል፤ ከሦስቱ ጎማ በመጨረስ የሚቀድመው እሱ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። የቪትዝ ጎማ 165/70R14 ከሆነ ከዳር እስከ ዳር 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱ ጎማዎች የፊት ርቀት ከኋላው በ6 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ለእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። 3ን ለ590 ስታካፍል በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል የጎን መፈግፈግ ይሆናል። ከዚህ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ እስክትደርስ ጎማው 900 ሜትር ያህል በጎኑ ተጎትቷል ማለት ነው። ላስቲኩ እየተለጠጠ የተወሰነውን ይችለዋል፤ ቀሪውን አስፋልቱ ይወስደዋል።

«እኛ ሰፈር ኮምፒውተር ያለው ማሽን የለም። በሜትር መለካት ይቻላል?»

ቶን ብቻ ይቻላል፣ እኔም ለዓመታት እንዲያ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የሁለቱን የፊት ጎማ ንፋስ እኩል አድርግ፣ ሜዳ መሬት ፈልግ። ቴስቲናውን በእጅ ነቅንቀህ ፈትሽ፤ እሱ ከላላ የምትለካው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ የፊቱን በክሪክ አንሳና ጎማውን በእጅ እያዞርክ፣ ሚስማር ወይም ጠመኔ አንድ ቦታ ላይ አጥብቀህ በጥርሱ መሀል ዙሪያውን ቀጭን መስመር አስምር። አውርደህ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፋው፣ እግሩ በቦታው ይቀመጣል።

አሁን ከጎማዎቹ ኋላ፣ በመሀላቸው ከፍታ ልክ፣ ከመስመር እስከ መስመር ለካ። የለካህበትን ነጥብ ምልክት አድርግና ምልክቱ ወደ ፊት እስኪዞር መኪናውን ግፋ፤ ያንኑ ነጥብ ከፊት ለካው። ነጥቡ አንድ ስለሆነ የቸርኬ መጣመም አያታልልህም። ባለፈው ሳምንት የለካሁት ቪትዝ ከኋላ 1452፣ ከፊት 1458 ሚሊ ሜትር መጣ። 6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተከፍቷል። ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች የሚፈለገው ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፣ ትክክለኛውን ከመኪናው መጽሐፍ ውሰድ። በዚህ መኪና የመሪው ዘንግ ከጎማው መሀል ኋላ ስለሆነ ዘንጉን ሲያስረዝሙት አፍንጫው ይዘጋል። ግማሽ ዙር እንኳ ሳልሞላ፣ ግራና ቀኙን እኩል አዞርኩና ዳዶውን አጠበቅሁ። አንዱን ብቻ ብታዞር መሪው ተጣሞ ይቀመጥብሃል።

«ባጃጄ ፊት ጎማው ቶሎ ያልቃል። ለእሷም ቶ ታስተካክልልኛለህ?»

ወንድሜ፣ ፊት ያላት አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ ቶ ደግሞ በሁለት ጎማ መሀል ነው የሚለካው። አንተ ንፋሱን፣ ኩሽኔታውንና የመሪውን መላላት አሳይ። የኋላዎቹ አንዱ አናቱን ካዘነበለ የክንዱ ጎሚኒ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ አምጣትና አያታለሁ።

«ደባርቅ መስመር ሚኒባስ እነዳለሁ። ቶ አስተካክዬ መኪናው አሁንም ወደ ቀኝ ይስባል። ጎማው ግን እኩል ነው የሚበላው። ካስተር ነው ይላሉ። ካስተር ጎማ ካልበላ ምን ያደርጋል?»

ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። መሪህን እስከ መጨረሻው ጠምዝዝና ወርደህ ከፊት ተመልከት፤ ጎማዎቹ መዞር ብቻ ሳይሆን ያዘነብላሉ። ካስተር ማለት ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ አናቱን ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። ኩርባ ስትገባ የውጭኛው ጎማ አናቱን ወደ ኩርባው ውስጥ ይጥላል፤ ገላው ሲያጋድል ጎማው መሬቱን በሰፊው የሚይዘው በዚህ ነው። ከኩርባ ስትወጣም መሪው ራሱ ወደ ቀጥታ ይመለስልሃል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን ጎማውን እምብዛም አያዘነብለውም፣ ለዚህ ነው ጎማ የማይበላው።

የግራው ከቀኙ ከተለያየ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይስባል። ቢሆንም ወደ ካስተር አትቸኩል። መንገዱ ውኃ እንዲያፈስ ወደ ቀኝ ስለሚያዘቀዝቅ ጥቂት መሳብ ያለ ነው። መጀመሪያ የፊት ግራና ቀኝ ጎማዎችን አቀያይር። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተለወጠ በማሽን ይለካ፤ ካስተርና ካምበር ቀድመው ይስተካከላሉ፣ ቶ መጨረሻ፤ እነሱ ሲነኩ ቶም ይቀየራልና።

«ጋሼ፣ የቪትዟ ነኝ። አሻሸሁት። የቀኙ ከውጭ ወደ ውስጥ ስል እጄን ያዘኝ። የግራው ግን በሁለቱም በኩል ለስላሳ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ በግራ ጎማ ጉድጓድ ገብቼ ነበር፣ ብረቱ ሲጮህ ሰምቻለሁ።»

ያ ጋራዥ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው። የቀኙ ቶ ነው። ግራው ካምበሩ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ግን የታጠፈው አሞርዛተሩ ይሁን፣ ሎወር አርሙ ይሁን፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት ይሁን ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ሌላው ብረት ታጥፎ አሞርዛተሩን ቢያጥፉልሽ ቁጥሩ ይስተካከላል፣ የተጎዳው ብረት ግን እዚያው ይቀራል። ክሪክ ላይ አንስተን ግራና ቀኙን እያነጻጸርን እንለካ። እስከዚያ አዲስ ጎማ እንዳትገዢ፣ ግራውን ውስጡን ብቻ በየቀኑ እዪው፤ ሽቦ ከታየሽ መኪናዋን አቁሚያት።