ሐዋሳ ላይ ያረገዛችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የገበያ ጥያቄ ወዲህ በሉ

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ሐዋሳ ነው የምሠራው። ጠይቁኝ፣ ማታ ማታ እየገባሁ እመልሳለሁ።

«የ7 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። አሞራ ገደል ሄጄ ጥሬ ዓሳ አማረኝ። አንዴ ብቻ ብቀምስ ምን አለበት?»

ጥሬውን ተዪው እህቴ፣ ዓሳውን ግን አትተዪው። ለፅንሱ አንጎል ከሚጠቅሙት አንዱ ነው። ቆሮሶ ግዢ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጠሽ እይው፣ ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ከጠቆረ ወይም ከከረፋሽ እለፊው። ሥጋውን በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጉዶ ከቀረ ቆይቷል ማለት ነው። ቤት ወስደሽ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ጥበሺው ወይም ሾርባ ሥሪው። ትልልቁን ቢልጫ ግን ለጊዜው ተዪው። እሱ ሌላ ዓሳ ስለሚበላ ሜርኩሪ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በሐይቃችን ቢልጫ ላይ ከፍ ያለ መጠን ተገኝቷል። ቆሮሶ በብዛት የሚበላው ዋቅላሚ ስለሆነ ከዚህ የራቀ ነው።

«ሎሚና ሚጥሚጣ ሲገባበት እኮ ይበስላል። እኛ ሁሌ እንደዛ ነው የምንበላው።»

ግማሹ ልክ ነህ፣ ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል። ያ ግን መልኩ ነው እንጂ ውስጡ ያለውን ጀርም አይጨርሰውም። ሚጥሚጣም አፍህን ነው የሚያቃጥለው።

«ክትፎ ለብለብ ይቻላል? ጥሬውንማ ትቻለሁ።»

ለብለብም ያው ነው፣ መሃሉ ቀይ እስከሆነ ድረስ። ችግሩ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ነው። እናትየዋን ብዙ ጊዜ አያማትም፣ ቢበዛ ጉንፋን የመሰለ ነገር ታስባለች፣ ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከኋለኞቹ ወራት ያነሰ ነው። ከተላለፈ ግን ጉዳቱ የሚከፋው ያኔ ነው፣ ዓይንና አንጎል ላይ ይሄዳል፣ ፅንሱም ሊወርድ ይችላል። ክትፎ ካማረሽ ድስቱ ላይ ቀዩ ቀለም ጨርሶ እስኪጠፋ አብስዪው፣ ቅቤና ሚጥሚጣውን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ሰላጣው ነው! ጥሬ ሥጋ በከተፍሽበት ቢላዋና መክተፊያ፣ ሳታጥቢው፣ ሰላጣ ከከተፍሽ ሥጋውን ማብሰልሽ ትርጉም የለውም። ሰላጣውም ራሱ አፈሩ እስኪለቅ ይታጠብ።

«እናቴ ክትፎዋን እየበላች 6 ወልዳለች፣ ሁላችንም ደህና ነን። ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

እንኳን ደህና ሆናችሁ። ምናልባት ጥገኛው እናትሽን ከማርገዟ ከዓመታት በፊት ይዟት ይሆናል። እንዲህ ያለች ሴት ሰውነቷ አብዛኛውን ጊዜ ይከላከልላታል። አንቺን ግን ይዞሽ ያውቅ እንደሆነ በእናትሽ አይታወቅም። የደም ምርመራ አለው፣ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ክትትል የምታደርጊበት ቦታ ጠይቂ።

«ወተትና አይብስ? ሰፈር ውስጥ ከላም ባለቤት ነው የምንገዛው።»

ወተቱን ገንፍሎ እስኪነሳ አፍዪው፣ በቃ። አይብ ላይ ሰዎች ይከራከሩኛል፣ «አሬራው እሳት ላይ ይወጣል እኮ» ይላሉ። አዎ ይወጣል፣ ግን ሞቅ ብሎ ብቻ የሚወርድበት ቤት ብዙ ነው፣ ከዚያ በእጅ ይጨመቃል፣ ገበያ ላይ ይውላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እንኳን ይራባል። ካማረሽ ቤት ራስሽ አፍልተሽ ሥሪና የዕለቱን ዕለት ብዪው።

«ደም እንዲሆነኝ ጉበት ብዪ አሉኝ። ልግዛ?»

በነዚህ ወራት አልመክርሽም። ብረት አለው፣ እውነት ነው፣ ግን ቫይታሚን ኤው ብዙ ነው፣ 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻ ለአንድ ቀን ከሚፈቀደው ጣሪያ ያልፋል፣ ሲበዛ ደግሞ ፅንሱን ይጎዳል። ጨርሶ አትብሉ የሚሉ አሉ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ቢሆን የሚሉም አሉ። እኔ ምስርና ቀይ ሥጋ እያለ ለምን ትጨነቂያለሽ ባይ ነኝ። ምስሩን በልተሽ ወዲያው ሻይ አትጠጪበት፣ ብረቱን ያስቀርብሻል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆዪ። ጎመንና ምስር ፎሌት አላቸው፣ ግን ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን እንክብል አይተኩም።

«ያለ ቡና አልችልም፣ የሲዳማ ልጅ ነኝ።»

ማን ከለከለሽ? ሁለት ስኒ ይበቃሻል፣ ሦስተኛውን ተዪው። ጤና አዳም ግን አታስገቢበት፣ ማህፀን ሊያነሳሳ ይችላል።

«ዓሳ ክብደት ይቀንሳል ወይ? ቦርጬ…»

ወንድሜ፣ ተሳስተህ ነው የገባኸው።

«ባለቤቴ 9 ሳምንቷ ነው። የወጥ ሽታ ያስመልሳታል፣ የገዛሁትን ሁሉ ትመልሳለች። ምን ልግዛላት?»

ሽታ የሌለው ነገር ፈልግላት። ደረቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ትንሽ ዳቦ ትቅመስ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ወጡን ቀዝቅዞ ስጣት፣ ሽታው ይቀንሳል። ምግቡን ለጥቂት ቀን ብትቀንስ አትደንግጥ። ውሃ እንኳን አልረጋላት ካለ ወይም ሽንቷ ከጠቆረና ካነሰ ግን እስከ ነገ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ።