ጥያቄና መልስ፦ ከ«አይ አም» እና ከ«ሌትስ» በኋላ የሚመጣው ኩዌስችን ታግ

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ «አይ አም ሌት» ከሚለው ቀጥሎ ለምን «አረንት አይ» እንላለን? «አይ» ከ«አር» ጋር አይሄድም ተብለን አልነበረም?

መምህሩ፦ ደንቡ ቢጠበቅ ኖሮ «አምንት አይ» በተባለ ነበር። ነገር ግን «ም» እና «ን» ተከታትለው ለምላስ ስላልተመቹ «ም» ወድቃ «አንት» የሚል ድምፅ ቀረ፤ ይህም በእንግሊዝ አገር አነጋገር እየረዘመ ሄዶ «ር» ከማይሰማበት «አረንት» ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ በጽሑፍም የእርሱን ፊደላት ወረሰ። ልብ ይበሉ፣ ይህ የሚሠራው ዓረፍተ ነገሩ አዎንታዊ ሲሆን ብቻ ነው፤ «አይ አም ኖት ሌት» ካሉ «አም አይ» ይከተላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እንዲያማ ከሆነ ትክክለኛው «አምንት አይ» ነው ማለት ነው፤ አየርላንዶች ሲናገሩት ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ በአየርላንድና በስኮትላንድ ይነገራል፤ እዚህ በፈተና ላይ ግን አይጻፉት።

ከዳንግላ፦ እኔ «አም አይ ኖት» ብዬ ጽፌ መምህሬ ስሕተት ነው ብለው ነጥብ ቀነሱብኝ።

ከፍኖተ ሰላም፦ በደል ነው፣ ነጥቡ ሊመለስልዎ ይገባል።

ከሞጣ፦ ትእዛዙ አሳጥራችሁ ጻፉ የሚል ከሆነ ግን መምህሩ አልበደሉም።

መምህሩ፦ አባባሉ ትክክል ነው፤ ለወግ ጽሑፍ የሚስማማ ነው። ነጥቡን ከመምህርዎ ጋር ይጨርሱ።

ከቡሬ፦ ስለ ኩዌስችን ታግ ሁሉንም ያብራሩልን።

መምህሩ፦ «ሁሉንም» ጥያቄ አይደለም። የተቸገሩበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይምጡ።

ከሞጣ፦ ለ«ሌትስ ጎ» የሚሆነው «ሻል ዊ» ነው ወይስ «ዊል ዩ»?

መምህሩ፦ «ሻል ዊ» ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪው ራሱንም ጨምሮ «እንሂድ» እያለ ነው። ተማሪዎች መምህራቸውን «ይልቀቁን» ለማለት ሳያሳጥሩ «ሌት አስ ጎ» ቢሉ ግን መምህሩ አብረው ስለማይሄዱ «ዊል ዩ» ይሆናል። «ሌትስ ኖት ጎ» ቢባልም «ሻል ዊ» አይለወጥም፤ እዚህ ላይ አዎንታና አሉታ አይገለባበጡም። አጭር መልሱ «የስ፣ ሌትስ» ወይም «ኖ፣ ሌትስ ኖት» ነው።

ከደጀን፦ በዐቢይ ጾም አንድ የውጭ እንግዳ «ዩ ዶንት ኢት ሚት፣ ዱ ዩ?» ቢለኝ «የስ» አልኩት፤ ሥጋ አዘዘልኝ።

መምህሩ፦ አልበላም ለማለት ፈልገው እበላለሁ ብለውታል። በአማርኛ «አዎ፣ አልበላም» እያልን የጠያቂውን ሐሳብ እናጸድቃለን፤ በእንግሊዝኛ ግን መልሱ የሚከተለው ድርጊቱን እንጂ ጠያቂውን አይደለም፣ ስለዚህ የማይበላ ሰው «ኖ፣ አይ ዶንት» ይላል። በ«የስ» እና በአሉታ ግሥ አንድ መልስ አይሠሩም፤ ይህን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ታዲያ «አይ አም ሌት፣ አረንት አይ?» ተብዬ ስጠየቅ «የስ፣ አይ አረንት» ልበል?

መምህሩ፦ አሁን የተናገርኩትን አላነበቡም። «የስ» ከአሉታ ጋር አይሄድም፤ ደግሞም የዘገየው ጠያቂው ስለ ሆነ መልስዎ «የስ፣ ዩ አር» ነው። ስለ ራስዎ ሲጠየቁ «የስ፣ አይ አም» ይበሉ እንጂ «የስ፣ አይም» ብለው አያሳጥሩት።