ተፅዕኖን በወንበር አትለኩ፦ የሆስፒታል ማስፋፊያ ለሚመሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

የሆስፒታል ማስፋፊያ ፕሮጀክት ስትረከቡ ከመጀመሪያ ሥራዎቻችሁ አንዱ የባለድርሻ አካላትን የተፅዕኖና የፍላጎት ሠንጠረዥ መሥራት ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ወደ ላይ ተፅዕኖ፣ ወደ ጎን ፍላጎት፣ በመካከል አራት ክፍል። ሁለቱም ከፍ ካለላቸው ጋር በቅርብ ትሠራላችሁ። ተፅዕኖ ኖሯቸው ብዙም ፍላጎት የሌላቸው ቅር እንዳይሰኙ ትጠነቀቃላችሁ፤ ፍላጎት ኖሯቸው ተፅዕኖ ለሌላቸው መረጃ ታደርሳላችሁ፤ የቀሩትን ከሩቅ ትከታተላላችሁ። ይህን ማንም በግማሽ ቀን ይሞላዋል። ችግሩ አሞላሉ ላይ ነው፤ በተለይ በተፅዕኖው በኩል።

ሰው ተፅዕኖን እለካለሁ ብሎ ሹመትን ይለካል። ቦርዱን ከላይ፣ ሥራ አስኪያጁን ቀጥሎ፣ የክፍል ኃላፊዎችን መካከል፣ ነርሶችንና ቴክኒሻኖችን ከታች ያስቀምጣል። እንዲህ የተሞላ ሠንጠረዥ የሆስፒታሉን መዋቅር መልሶ ከመሳል አያልፍም። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡት፦ «ይህ ሰው ነገ እምቢ ቢል ምን ይቆማል? ለምን ያህል ጊዜ?» ምንም የማይቆም ከሆነ 1 ስጡት፤ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራው ንቅንቅ የማይል ከሆነ 5። ለፍላጎት ደግሞ ግንባታው የዕለት ሥራውን ወይም ኑሮውን ምን ያህል እንደሚለውጥበት ጠይቁ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሙሉትና ውጤቱን አስተያዩ። በ2 ነጥብና ከዚያ በላይ የተለያያችሁበት ስም ካለ፣ ውይይታችሁን ከእሱ ጀምሩ።

በምሳሌ እንየው። ባለ አራት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው እንበል። ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይኖሩታል፣ ከነባሩ ሕንፃ ጋር በኮሪደር ይገናኛል፣ የኦክስጅን መስመሩም ከነባሩ ላይ ይቀጠላል። ነባሩ ሆስፒታል ግንባታው እስኪያልቅ ሥራ አያቆምም።

የኢንፌክሽን መከላከል ነርሷን በወንበሯ ብትለኳት ተፅዕኖዋ 2 ቢሆን ነው። አሁን በአዲሱ ጥያቄ ለኳት። ኮሪደሩን ለማገናኘት የነባሩ ሕንፃ ግድግዳ ይፈርሳል። ከፍርስራሹ ጋር የሚነሳው አቧራ አስፐርጂለስ የሚባለውን ሻጋታ ዘር ሊይዝ ይችላል። ይህ ሻጋታ ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ በሽተኛን ግን ሊገድል ይችላል። እሷ «በዚህ ሁኔታ አይፈርስም» ካለች ደፍሮ የሚያስፈርስ ኃላፊ አይገኝም፣ መገኘትም የለበትም። ስለዚህ 5 ናት፤ ፍላጎቷም እንዲሁ ከፍተኛ ነው።

እንግዲህ «በቅርብ አብራችሁ ሥሩ» ማለት እሷን በየሳምንቱ ስብሰባ ማስቀመጥ አይደለም። የጨረታ ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ጊዜያዊ ግድግዳ፣ ከግንባታው ክልል አየር ስቦ አጣርቶ የሚያስወጣ ማራገቢያ፣ ፍርስራሽ ተሸፍኖ የሚወጣበት መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው። በሰነዱ ከገቡ ተቋራጩ ዋጋ ሰጥቶ ይወዳደርባቸዋል፤ ውል ከተፈረመ በኋላ ከመጡ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍያና የጊዜ ማራዘሚያ ይሆናል። ሥራው ሲጀመር ለእያንዳንዱ የግንባታ ክልል የምትፈርመው የሥራ ፈቃድ ይኑራት። መቆጣጠሪያውም ቀላል ነው፦ በጊዜያዊው በር ስንጥቅ ላይ ስስ የሶፍት ቁራጭ ያዙ። ወረቀቱ ወደ ግንባታው ክልል ከተሳበ አየሩ በትክክል እየሄደ ነው። ወደ ታካሚዎቹ በኩል ከተነፋ ሥራው ወዲያው ይቁም።

የኦክስጅን መስመሩን የሚጠብቀው ቴክኒሻንም እንደዚሁ ከታች ተጥሎ የሚገኝ ሰው ነው። በነባር ሕንፃ ፕላኑና መሬት ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ክፍል እንደሚዘጋ በትክክል የሚያውቀው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱን ለስብሰባ አትጥሩት። ፕላኑን ይዛችሁ አብራችሁት ዙሩ፣ በየቫልቩ ላይ መለያ እሰሩ፣ ፕላኑን እዚያው አርሙ። መስመሩ የሚዘጋበት ሰዓት ሲወሰን እያንዳንዱ የሕክምና ክፍል በጽሑፍ ይስማማ፣ ሲሊንደሮችም በየቦታው ቀድመው ይቁሙ። ከቅጠላው በኋላ ግፊቱና የጋዙ ንጽሕና ሳይፈተሽ፣ መስመር ከመስመር እንዳልተቀላቀለም ሳይረጋገጥ ለበሽተኛ አይለቀቅም።

የእሳት አደጋ መከላከል ባለሥልጣኑ በተቃራኒው ተፅዕኖው 5፣ ፍላጎቱ 2 ነው። እንዲህ ያለውን አካል «ቅር እንዳይለው» ብሎ በየወሩ 30 ገጽ ሪፖርት መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ ማንም አያነበውም። ይልቅ ንድፉ ሳይጸድቅ አጭር ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ የደረጃው ስፋት፣ የእሳት መከላከያ በሮቹ፣ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ፣ መራመድ የማይችል በሽተኛ ከነአልጋው የሚሸሽበት ክፍል። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህ ካልተደረገ ፍላጎቱ ወደ 5 የሚዘለው ለመክፈቻው ፈቃድ ስትጠይቁ ነው፤ ያኔ ጠባብ ደረጃን ማስፋት ማለት ኮንክሪት ማፍረስ ነው።

«ሐኪሞች» ብላችሁ አንድ ነጥብ አታስቀምጡ። ቀዶ ሐኪሞቹ አዲስ ክፍል ያገኛሉ፤ ከግንባታው አጠገብ ያለው የእናቶች ክፍል ግን ለወራት ጩኸትና የተዘጋ መተላለፊያ ብቻ ነው የሚያገኘው። የሠንጠረዡ ሁለት መስመሮች ደጋፊና ተቃዋሚን አይለዩም፤ ስለዚህ ከስሙ አጠገብ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ፍላጎቱ ከፍ ያለ ተቃዋሚ የመረጃ ጽሑፍ አይበቃውም፤ የሚቀነስለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚያስጮኸው ሥራ የሚሠራበት ሰዓት፣ ጊዜያዊ መተላለፊያ። የአካባቢው ነዋሪም እንዲሁ ነው። ለየብቻቸው ተፅዕኗቸው 2 ነው፤ ተሰባስበው ፊርማ ከያዙ በአንድ ሳምንት 4 ይሆናል። ሰው የሚያነሳው አንድ ስልክ ቁጥርና የከባድ መኪኖች መተላለፊያ ሰዓት ቀድሞ ቢደርሳቸው ብዙውን ቁጣ ያበርደዋል።

ነርሶችን ስታማክሩ ደግሞ ፕላን ዘርግታችሁ «ተስማምታችኋል?» አትበሉ። ፕላን ማንበብ ሙያቸው አይደለም፤ በትህትና «አዎ» ይሏችኋል፣ ቅሬታው የሚመጣው ክፍሉ ሲከፈት ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የማገገሚያ ክፍሉን በትክክለኛ ልኩ በወለሉ ላይ በሚጣበቅ ፕላስተር አስምሩት፣ እውነተኛ አልጋ ከነሴረም መስቀያው አስገቡ፣ ሁለት ነርሶች ራስጌው ድረስ ገብተው አልጋውን ያዙሩት። የት እንደሚጋጭ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሠንጠረዡን ንድፍ ሲጸድቅ፣ ተቋራጩ ቦታውን ሲረከብ፣ ነባሩና አዲሱ ሕንፃ ሲገናኙ፣ ሕንፃው ሊከፈት ሲቃረብም እንደገና ሙሉት። በንድፍ ጊዜ ገንዘብ ሰጪው ገናና ነው፤ በመክፈቻው ሰሞን ግን የጽዳት ሠራተኞቹ ካልሠለጠኑና በቂ ሰው ካልተመደበላቸው አንድም የቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ አይጀምርም።

ወረቀቱን ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ በጋራ ፋይልም አታስቀምጡ። «ተፅዕኖ 1» ተብሎ ስሙ የተጻፈ ሰው ካየው ከዚያ በኋላ አታገኙትም። ለሌሎች የምታሳዩት ሁለተኛ ሰነድ አዘጋጁ፦ ማን፣ በምን ጉዳይ፣ ከየትኛው ውሳኔ በፊት፣ በማን በኩል እንደሚጠየቅ ብቻ የሚናገር፣ ነጥብ የሌለበት።