የማንደልበልብ ጥላ ላይ የሚወጡ ጥቁር ነጥቦችና ሰንበሮች

«ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአዳማ ነኝ። ማንደልበልብ የተባለውን ባለ ሦስት ገጽታ ፍራክታል በፍራግመንት ሼደር ሠርቼ ቅርጹ ጥሩ ወጣልኝ። ለስላሳ ጥላ ስጨምርበት ግን አካሉ ላይ ጥቁር ነጥቦች ተበተኑ፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የጥላው ጠርዝ ሰንበር ሰንበር ሆነ። የተሻሻለውን የጥላ ቀመር ባስገባ ባሰበት። ያው ኮድ ተራ ኳስ ላይ በትክክል ይሠራል። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ እኔም እዚህ ሐዋሳ ሁለት ሳምንት የፈጀሁበት ጉዳይ ነው። ነጥቦቹና ሰንበሮቹ ምንጫቸው አንድ አይደለም፤ አንድ ላይ ለማከም መሞከሬ ነው ያዘገየኝ።

ነጥቦቹ ቀላል ናቸው። ከካሜራ የተነሣው ጨረር የሚቆመው ከቅርጹ ያለው ርቀት ከ0.001 ሲያንስ ነው እንበል። የጥላውን ጨረር ከዚያው ቦታ ስታስነሣው የመጀመሪያው ልኬት ራሱ ከ0.001 በታች ስለሚሆን ገና ሳይራመድ «ተጋርጃለሁ» ይላል። ኳስ ላይ ጨረሩ ከገጹ ቶሎ ስለሚርቅ መነሻውን ጥቂት ብትገፋው ይበቃል፤ ፍራክታል ግን ገጹ የተኮማተረ ነው። መነሻውን ከገጹ ቀጥ ብሎ በሚወጣው አቅጣጫ የመቆሚያውን ርቀት ሦስት እጥፍ ያህል ወደ ውጭ ግፋው። እኔ መጀመሪያ «ዝርዝሩ አንሶ ይሆናል» ብዬ የፍራክታሉን ድግግሞሽ ከ8 ወደ 14 አሳደግሁት፤ ነጥቦቹ በረከቱ። ከመቆሚያው ርቀት የደቀቀ ዝርዝር የሚያመጣው ሁከት ብቻ ነው።

ወደ ሰንበሮቹ ልምጣ። የተለመደው ቀመር `k*h/t` ነው፦ `h` ጨረሩ ባለበት ቦታ ለቅርጹ ያለው ቅርበት፣ `t` ከመነሻው የተጓዘው መንገድ። ሐይቁ ዳር ያለውን የመብራት ምሰሶ ጥላ ብታይ ከሥሩ ስል፣ ከጫፉ ደብዛዛ ነው፤ `t` በአካፋይነት የገባው ለዚህ ነው። `k` 8 ሆኖ ጨረሩ 2 ክፍል ከተጓዘ በኋላ ቅርጹን በ0.1 ቢያልፈው 0.4 ብርሃን ይቀራል፤ በ0.25 ቢያልፈው ሙሉ ብርሃን ነው። ችግሩ ጨረሩ `h`ን የሚለካው በሚረግጥበት ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ወደ ቅርጹ ይበልጥ የቀረበበት ነጥብ በሁለት እርምጃ መካከል ቢወድቅ አይታየውም። የጎረቤቱ ፒክሰል እርምጃዎች ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ያገኙት ይሆናል፤ ሰንበሩ የሚፈጠረው በዚህ ልዩነት ነው።

ያስገባኸው የተሻሻለ ቀመር የግራፊክስ ፕሮግራመሩ ሰባስቲያን አልቶነን በ2018 ያቀረበው ይመስለኛል። የቀድሞውን ልኬት `ph` እና የአሁኑን `h` ይዞ በመካከል ያመለጠውን ቅርብ ነጥብ ይገምታል፦ `y = h*h/(2.0*ph)`፣ ከዚያም `sqrt(h*h-y*y)`። ይህ የሚሠራው ርቀቱ እውነተኛ ሲሆን፣ እርምጃውም ልክ `ph` ሲሆን ነው። እውነተኛ ርቀት `ph` ያህል ተራምደህ ከ`2*ph` በላይ ሊያድግ አይችልም። የማንደልበልብ ቀመር `0.5*log(r)*r/dr` ግን ግምት እንጂ ርቀት አይደለም፤ በአንድ እርምጃ ሦስት እጥፍ ሊዘል ይችላል። ያኔ `y` ከ`h` ይበልጥና ከሥሩ ምልክት ውስጥ ያለው ቁጥር አሉታዊ ይሆናል፤ ውጤቱም ቁጥር መሆኑ ይቀራል። ለማረጋገጥ `h > 2.0*ph` የሆነበትን ፒክሰል ቀይ ቀባው። የእኔ ስክሪን ኩፍኝ የያዘው ልጅ መሰለ።

እናም ፍራክታል ላይ ወደ አሮጌው ቀመር ተመለስ፣ እርምጃውን ግን አሳጥር፦

```glsl
float shadow(vec3 ro, vec3 rd) {
  float res = 1.0, t = 0.02;
  for (int i = 0; i < 96; i++) {
    float h = map(ro + rd*t);
    if (h < 0.0005) return 0.0;
    res = min(res, 16.0*h/t);
    t += clamp(0.5*h, 0.005, 0.05);
    if (t > 3.0) break;
  }
  return res;
}
```

`k`ን 16 ያደረግሁት በምክንያት ነው። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ርቀት ያንሳል፤ ባነሰ መጠን ጥላው ከሚገባው በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ለኳስ 8 የተስማማህ ከሆነ እዚህ እጥፍ ያስፈልግሃል፤ በዓይንህ አስተካክለው።

ዋጋው ፍጥነት ነው፤ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ በግልጽ ተንቀራፈፈ። ለማፍጠን ብለህ ፍራክታሉን በ1.2 ራዲየስ ኳስ ውስጥ አስገብተህ ከኳሱ ውጭ ያለውን ርቀት `map` ውስጥ እንዳትመልስ። ጨረሩ ኳሱን ሲጠጋ `h` ስለሚያንስ ወለሉ ላይ የሌለ ክብ ነገር ጥላ ይወጣል፤ አንድ ቀን ሙሉ ብርሃኑን ስወቅስ ነበር። ይልቅ ጨረሩ ኳሱን የሚገባበትንና የሚወጣበትን `t` ከሉፑ በፊት አስላና በዚያ መካከል ብቻ ተራመድ። ኳሱን ጨርሶ የማይነካ ጨረር ወዲያው 1.0 ይመልሳል። የደብዛዛው ጠርዝ ጫፍ እንዳይቆረጥ ኳሱን ለዚህ ስሌት ትንሽ አሰፋው፤ እኔ 1.5 አድርጌዋለሁ።