የአባታችሁን የቡና ደረሰኝ አንብቡ

ልጆች፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የኅብረት ሥራ ማህበራትን ሒሳብ ስመረምር ነው። ከቡና አካባቢ የመጡ ወጣቶች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ነጋዴው በኪሎ ሁለት ብር ጨምሮ እየገዛ፣ አባቴ ለምን ለማህበሩ ይሸጣል?» ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። በቁጥር ልመልስላችሁ።

ማህበሩ ገበሬዎች ዕጣ ገዝተው የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው። ባለቤቶቹም ደንበኞቹም እነሱው ናቸው። ከአክሲዮን ኩባንያ የሚለየው ድምፅ ላይ ነው፤ ብዙ ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም በጠቅላላ ጉባኤ እኩል አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። የቀበሌዎቹ መሠረታዊ ማህበራት ተሰባስበው ደግሞ ዩኒየን ይመሠርታሉ። የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካሉ።

አያቶቻችሁ «ማህበር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ካጨፈገጉ አትፍረዱባቸው። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማህበር የሚባለው መሬቱንም በሬውንም አንድ ላይ የቀላቀለ ነበር። በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው በየቦታው አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ። የአሁኑ ማህበር መሬት አይነካም። የጋራ የሚሆነው ገበያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን እውነተኛው ነው። አንድ ማህበር በመኸር ከአባላቱ 300,000 ኪሎ እሸት ቡና በ60 ብር ገዛ እንበል። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ፣ ገለባው ሲወልቅ ወደ 50,000 ኪሎ ንጹህ ቡና ይሆናል፤ በግምት ከስድስት ኪሎ አንድ ኪሎ ማለት ነው። ተሸጦ የባንክ ወለድ፣ የጉልበት፣ የትራንስፖርትና ሌላው ወጪ ሁሉ ሲቀነስ የተጣራ ትርፉ 1,500,000 ብር ሆነ። ከዚህ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። የቀረውን 1,050,000 ብር ባስረከቡት ኪሎ ልክ ሲከፋፈሉት፣ ለአንድ ኪሎ 3 ብር ከ50 ይደርሳል።

1,000 ኪሎ ያስረከበው አባታችሁ ስለዚህ በመጨረሻ በኪሎ ያገኘው 63 ብር ከ50 ነው። ነጋዴው የሰጠው 62 ነበር። ልዩነቱ 1,500 ብር ብቻ ነው። ትንሽ ነው? አዎ፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ትርፍ ከሌለ ክፍፍል የለም።

እኔ ትልቁን ጥቅም የማየው ሌላ ቦታ ነው። ማህበሩ 60 ብር የሚል ዋጋ በር ላይ ሲለጥፍ ነጋዴው 62 ለመስጠት ይገደዳል። ማህበሩ በተዘጋባቸው ዓመታት ነጋዴው ያንን ጭማሪ ለምን ያምጣው? ሚዛኑም እንደዚያው ነው። ገበሬው አጠገቡ ሌላ የሚመዝንበት ቦታ ካለው፣ የነጋዴው ሚዛን በድንገት ይስተካከላል። ይህ ጥቅም አባል ላልሆነው ጎረቤትም ይደርሳል፤ ደረሰኝ ላይ ግን አይታይም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ትርፉ የሚከፈለው ቡናው ተሸጦ፣ ሒሳቡ ተመርምሮ፣ ጉባኤው ካጸደቀው በኋላ ነው፤ ወራት ይፈጃል። የልጅ ልብስና የዕዳ ክፍያ ግን ኅዳር ላይ ነው። ማህበሩ የመግዣ ገንዘቡን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዩኒየኑ በኩል ከባንክ በሚመጣ ብድር ነው። ብድሩ ከዘገየ እሸቱ አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ያኔ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ ነው፣ አባልም ቢሆን ለእሱ ይሸጣል። ማህበሩ ያገኘው እሸት ሲያንስ የመፈልፈያው ቋሚ ወጪ በጥቂት ኪሎ ላይ ያርፋል፣ የዓመቱ ክፍፍልም ይመነምናል። በሚቀጥለው ዓመት የሚሸሸው አባል ደግሞ ይበዛል።

ሁለተኛው ችግር ሰው ነው። አንዳንድ ቦታ ሊቀመንበሩና ሒሳብ ያዡ ከነጋዴ ሰብስበው የገዙትን እሸት በአባል ስም ይመዘግቡታል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ስም ላይ በአንድ መኸር የሁለት ሄክታር ምርት ተጽፎ ታገኛላችሁ። መዝገቡን ከአካባቢው ሰው ጋር ተቀምጦ ማንበብ ነው እንጂ ቢሮ ሆኖ አይገኝም። ሌላው ምልክት የኦዲት ሪፖርት ለጉባኤ ሳይቀርብ ሁለትና ሦስት ዓመት መንከባለሉ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ክፍፍሉ «ዘንድሮ ገበያው መጥፎ ነበር» በሚል ቃል ብቻ ይዘጋል።

ስለዚህ ቤት ስትሄዱ የአባታችሁን ደረሰኞች ሰብስቡ፣ ኪሎውን ደምሩ። ከዚያ ማህበሩ ጋ ሄዳችሁ ድምሩ በአባታችሁ ስም ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን፣ ያለፈው ዓመት ትርፍም በኪሎ ስንት እንደተከፈለ ጠይቁ። እናንተ አባል ካልሆናችሁ መዝገቡን ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእሱ መከልከል አይችሉም።