በማሻሻያ ዕቅዱ ላይ ምን ይጻፍ?

«የደንበኞች አገልግሎት ቡድን መሪ ከሆንኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ለቅሬታ መልስ ለምታዘገይ ሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጅ ተብያለሁ። ግቡን፣ ግምገማውንና ካልተሻሻለች የሚከተለውን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

ከግቡ በፊት አሁን ያለውን ቁጥር ይያዙ። ያለፉትን አራት ሳምንታት የቅሬታ መዝገብ አውጥተው ይቁጠሩ። በሳምንት 40 ቅሬታ እየደረሳት በ24 ሰዓት ውስጥ የምትመልሰው 22ቱን ብቻ ነው እንበል። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት 36 ያህሉን በሰዓቱ የሚመልሱ ከሆነ የእሷም ግብ 36 ነው፤ የቅሬታው ብዛት ስለሚለዋወጥ በወረቀቱ ላይ 90 በመቶ ብለው ይጻፉት። ከእሷ ብቻ መቶ በመቶ ከጠየቁ ዕቅዱ ማባረሪያ ይመስላል። «የበለጠ ትትጋ» የሚለውን ደግሞ ይተዉት፤ በግምገማ ቀን መጨቃጨቂያ ከመሆን አያልፍም።

ፍጥነት ብቻውን ሲለካ አንድ ችግር ይመጣል። ሰው «ቅሬታዎ ደርሶናል» ብሎ ይጽፍና ጉዳዩን ይዘጋል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ደንበኛው ግን መልስ አላገኘም። ስለዚህ ሁለተኛ መለኪያ ያክሉ፦ ደንበኛው በዚያው ጉዳይ ተመልሶ የሚጽፍባቸው ቅሬታዎች ከ5 በመቶ አይብለጡ። ከሌላ ክፍል መረጃ ሲጠበቅ የባከነው ሰዓት በእሷ ላይ እንዳይቆጠርም በግልጽ ይጻፍ።

ጊዜው ስምንት ሳምንት ቢሆን፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 65፣ በአራተኛው 80፣ በስድስተኛው 90 በመቶ ይጠበቃል፤ የቀሩት ሁለት ሳምንታት 90ው ጸንቶ መቆየቱ የሚታይባቸው ናቸው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ሃያ ደቂቃ ተገናኙ። ከስብሰባው በኋላ በዕለቱ ሦስት ነገር ጽፈው ይላኩላት፦ የሳምንቱ ቁጥር፣ ያዘገያት ነገር፣ እርስዎ ለማድረግ ቃል የገቡት። ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አለቃው ሥራ በዛብኝ እያለ ሁለት ሦስት ግምገማ ይዘላል፣ በስምንተኛው ሳምንት ደግሞ ወድቀሻል ይላታል።

መዘዙን በተመለከተ «ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግራትም። እንዲህ ይበሉ፦ «በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሁለቱ ግቦች አንዱም ካልተሟላ፣ ወይም አንዱ ተሟልቶ ሌላው በየግምገማው መሻሻል ካላሳየ፣ የሥራ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። አንዱ ከተሟላና ሌላው በየግምገማው መሻሻል ካሳየ ዕቅዱ አንድ ጊዜ ብቻ ለአራት ሳምንት ይራዘማል። ሁለቱም ከተሟሉ ዕቅዱ ይዘጋል።» እርስዎ የማይወስኑትን እርምጃ እንዳይጽፉ ወረቀቱን አስቀድሞ የሰው ኃይል ክፍል ከድርጅቱ ደንብና ከሕጉ ጋር ያመሳክረው። ከፊርማዋ በላይም «ፊርማው ወረቀቱ መድረሱን እንጂ መስማማትን አያሳይም» ይባል፤ አስተያየቷን የምትጽፍበት ባዶ ቦታም ይተዉላት።

ከበላይ «እሷ መሰናበቷ አይቀርም» ከተባሉ ግን ዕቅዱን አይጻፉ። ውሳኔው ካለቀ ስንብቱን በራሱ ሥርዓት ይፈጽሙት እንጂ ስምንት ሳምንት ለከንቱ አያስሯሯጧት።