ሦስቱም «ያሟላል» ብለው ሲሞሉ

«ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ነኝ፣ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። አለቃዬ የሦስት ስዊችጊር አቅራቢዎችን የቴክኒክ ግምገማ ሜሞ እንድጽፍ ሰጠችኝ። ሦስቱም የስፔሲፊኬሽን ማሟያ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች “ያሟላል” ብለው ሞልተውታል። ታዲያ ምኑን ላወዳድር?»

ሰንጠረዡን ለጊዜው ዝጊው። አቅራቢው ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው። የታይፕ ቴስት ሰርተፊኬቶቹን አውጪና የተፈተነው ፓነል ከቀረበልሽ ጋር አንድ መሆኑን እዪ።

እንበል ጣቢያው 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስፔሲፊኬሽኑም እዚያው ቦታ 95 ኪሎ ቮልት የመብረቅ ኢምፐልስ የሚቋቋም ፓነል ይጠይቃል። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። የአይኢሲ ስታንዳርድ መደበኛ ዋጋዎች እስከ 1000 ሜትር ድረስ ነው የሚሠሩት። ለ2000 ሜትር ማባዣው 1.13 ገደማ ስለሆነ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የሚፈለገው 107 ኪሎ ቮልት ይሆናል። አቅራቢ «ሀ» በአየር የተከለለ ባለ 17.5 ኪሎ ቮልት ፓነል አቅርቧል፤ ሰርተፊኬቱ 95 ይላል። አለቀ፣ አያሟላም። «ለ» ያቀረበው በ125 የተፈተነ ባለ 24 ነው፤ ያልፋል። የ«ሐ» ክፍሎች በታሸገ የጋዝ ታንክ ውስጥ ስለሆኑ ከፍታው ውስጣቸውን አይነካም። ከታንኩ ውጪ ያለውን የኬብል ማያያዣ ግን ጠይቂ።

ሜሞው ላይ «ሀ ደካማ ነው» አትበዪ። የስፔሲፊኬሽኑን አንቀጽ፣ የሰርተፊኬቱን ገጽና ስሌቱን አስቀምጪ። የጎደለ ሰነድ በማብራሪያ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። አቅራቢው በደብዳቤ ሰበብ ፓነሉን ልቀይር ካለ ግን ያ ማብራሪያ ሳይሆን አዲስ ጨረታ ነው።

የማስረከቢያ ጊዜ ላይ ደግሞ ቆጠራው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ እዪ። «ሐ» 20 ሳምንት ብሎ ያማልልሻል። በትንሹ ፊደል ስታነቢው ግን የሚቆጥረው ሥዕሉ ከጸደቀ ጀምሮ እስከ ፋብሪካው በር ነው። ለማጽደቅ 4፣ ለማጓጓዝ 7 ሳምንት ጨምሪበት፤ 31 ይሆናል። «ለ» ያለው 28 ግን ውል ከተፈረመበት ቀን እስከ ጣቢያው ነው። የዘገየ የመሰለው ቀደመ ማለት ነው። ሁሉንም ወደ አንድ መነሻና መድረሻ ሳታመጪ አታወዳድሪ።

ከርክክብ በኋላ ላለው ድጋፍ አንድ ጥያቄ ይበቃሻል፦ ከ15 ዓመት በኋላ ብሬከሩ ቢበላሽ ምን ይደረጋል? የ«ለ» ብሬከር በጋሪ ተስቦ ይወጣል፤ መለዋወጫ ካለ በዚያው ቀን ይተካል። የታሸገ ታንክ ውስጥ ያለ ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ ጣቢያው ላይ አይጠገንም። ምርቱ ከተቋረጠ በኋላ መለዋወጫ ለስንት ዓመት እንደሚቀርብም በጽሑፍ ይምጣ። «ሙሉ ድጋፍ እንሰጣለን» የሚለውን ዝም ብለሽ እለፊው።

ዋጋ እዚህ ሜሞ ውስጥ አይገባም፤ በጆሮሽ ቢደርስም እንኳ። የውሳኔ ሐሳብሽን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አድርጊው፤ ስሌቱና ሰርተፊኬቱ በአባሪ ይከተሉ።